ላይ የተባለው ጫፍ

በጂንካ «ላይ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ የገባኝም በአንድ ቱቦ ጭቃ ምክንያት ነው።

የተወለድኩት ስሜን ተራሮች ጥግ ነው። እኛ ጋ ዞር ባሉበት ሁሉ ዳገት ስለሆነ «ላይ» ሲባል ሰው አንጋጦ ሰማይ ያያል። ጂንካ ግን ሌላ ናት። ጎመን የምታመጣልኝ ሴት «ይሄ ከላይ የመጣ ነው» ስትል ከአሪ ደጋ ማለቷ ነው። «ከታች የመጣ ፍየል» ከተባለ ደግሞ ከወይጦ፣ ከአርቦሬ ወይም ከዲመካ ገበያ የተነዳ ነው። ሰሜኑ ላይ ነው፣ ደቡቡ ታች ነው። አልጋው ላይ የተኛ ሰው እንኳ «እግሬን ወደ ታች፣ ራሴን ወደ ላይ» ሲል ስለ ትራሱ ሳይሆን ስለ አገሩ አቀማመጥ ሊሆን ይችላል። ይህን እየሰማሁ ኖሬ ልብ አላልኩትም ነበር።

የመጣሁት በደርግ ዘመን፣ ከመሬት ጥናት መሥሪያ ቤት በቴክኒሻንነት ተመድቤ ነው። ሥራዬ ከከርሰ ምድር በቱቦ የሚወጣውን አፈር ምልክት ማድረግ፣ መሰንጠቅ፣ ማጠብና መሳል ነበር። ያንን በቱቦ የወጣ አፈር «ኮር» እንለዋለን። በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ዳር የተከራየናት ባለ ቆርቆሮ ቤት ግማሿ መጋዘን፣ ግማሿ የመሥሪያ ክፍላችን ነበረች። ስመደብ እናቴ «በረሃ ነው አሉ፣ ሰውም ሩቅ ነው አሉ» ብላ አልቅሳ ነበር። አባቴ አላለቀሰም። የባሕረ ሐሳብ መምህር ስለነበረ ዳዊቴን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝና «በዓላቱን ራስሽ ማውጣት ትችያለሽ፤ የሚነግርሽ ሰው ብታጪ አትደናገጪ» አለኝ።

ሦስት ነበርን። ኃላፊያችን ውጭ አገር የተማረ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጮህም። የቁፋሮው ሠራተኞች አለቃ ደግሞ የአሪ ተወላጅ ነው፤ እንደ አካባቢው ብዙ ሰው ጴንጤ ነው። በዚያን ጊዜ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎባቸው ስለነበር በየቤቱ እየተሰበሰቡ ነበር የሚጸልዩት። እኔን «እህቴ» ይለኛል። በጾም ወራት ሽሮዬን ሲያይ «እህቴ፣ ዛሬም እግዚአብሔር ሥጋ አትብዪ አለሽ?» ይለኛል። እኔም «አንተን ዝም ስላለህ ነው እንጂ» እለዋለሁ። በዚህ ተስማምተን እንኖር ነበር።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ከታላቁ ድርቅ በኋላ ባለው ዓመት ነው። ከአርቦሬ መንደሮች በታች፣ ጨው ባሕር ዳር ድንኳን ተክለን ነበር። ጨው ባሕር ስሙ ባሕር ነው እንጂ በበጋ ውሃ የለውም፤ ዓይን እስኪደክም ድረስ የተሰነጣጠቀ ሸክላ ነው። ባለ ሦስት እግር ብረት አቁመን፣ በገመድ ከባድ መዶሻ እየሳብን እየለቀቅን ቱቦ ወደ መሬት እንቀጠቅጣለን። ቱቦው ሲሞላ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። እንዲህ እያለ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ እየጠለቀ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቱቦ እንደወጣ፣ ገና ቆሞ ሳለ፣ በላይኛው ጫፉ «ላይ» ብዬ በማይለቅ ቀለም እጽፋለሁ። ቱቦ አንዴ መሬት ከተጋደመ የትኛው ጫፍ ከላይ እንደነበረ ማንም አይነግርህምና።

አንድ የአርቦሬ ሽማግሌ በየቀኑ እየመጡ በርጩማቸውን መሬት ላይ አድርገው ያዩናል። በትንሿ ወንበራቸው ተቀምጠው ጭቃ ለማውጣት እንዲህ የሚላብ ሰው አይተው እንደማያውቁ ይነግሩን ነበር። አማርኛ ያውቃሉ፤ ግን ሴትም ወንድም ለእሳቸው አንድ ነው።

«አንተ ሴትዮ፣» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ጭቃው ለምን? እዚህ ጭቃ ሞልቷል። ከላይ ዝም ብለህ አትወስድም?»

«የድሮውን ጭቃ ነው የምንፈልገው፣ አባባ። የታችኛው የድሮ ነው።»

«ስንት ድሮ?»

«የእርስዎ አያት፣ የእሳቸውም አያት ከመወለዳቸው በፊት።»

ወተት በቅል አቀረቡልኝ። ዐቢይ ጾም ስለነበር በሁለት እጄ ተቀብዬ ለቁፋሮ አለቃው አሳለፍኩት። ሽማግሌው ተገረሙ። «ላም ምን አደረገህ?» አሉ። የአሪው ሰው ወተቱን ጠጥቶ አፉን እየጠረገ «አባባ፣ እኔ ላይ ላም ቂም የላትም» አላቸው።

በዚያው ቀን መቁጠሪያዬ ከእጄ አምልጣ በመሬቱ ስንጥቅ ውስጥ ገባች። ደነገጥኩ፤ የእናቴ ነበረች። ሽማግሌው በርጩማቸውን ትተው ጎንበስ አሉና በበትራቸው ጫፍ አወጧት። ብዙም አልራቀችም ነበር። «አትፍራ፣» አሉኝ፣ «መሬት አፉ ትልቅ ነው፣ ጉሮሮው ግን ቀጭን ነው። አይውጥም።» እውነታቸውን ነበር። ስንጥቁ ከላይ እጅ ያስገባል፣ ወደ ውስጥ እየጠበበ ሄዶ እንደ ቢላዋ ስለት ያልቃል። ነፋስ ደግሞ አሸዋና ብናኝ እያመጣ ይሞላዋል።

መቁጠሪያዬን እያራገፍኩ ሳለ ነው ጥያቄያቸውን የጠየቁኝ። በድርቁ ከጥቂት ላሞች በቀር ከብቶቻቸው አልቀውባቸዋል። የቀበሌ ሰዎች ደግሞ «ይህ መሬት የሞተ ነው፣ ወደ ደጋ ውጡ» ይሏቸው ነበር።

«ያ የድሮ ጭቃ ይነግርሃል? ይሄ መሬት ሞቷል? ወይስ ውሃው ሄዶ ይመለሳል?»

«ኮሩ ሲከፈት እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ቃል ነበር። ቃል መስጠቴን ልቤ ያወቀው ከተናገርኩ በኋላ ነው።

የፈለግነው ምን እንደነበር ላስረዳ። ኃላፊያችን ሁሉን ነገር ከሰማይ ይጀምር ነበር፤ እኔ ግን የገባኝ በእንዝርት ነው። እንዝርት ሲሾር ዘንጉ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ጫፉ ቀስ እያለ በአየር ላይ ክብ ይሠራል። ምድርም እንዲሁ ናት። በየቀኑ ትሾራለች፣ ዘንጓ ደግሞ ቀስ እያለ ይዞራል። ከዚህ የተነሣ ምድር ለፀሐይ እጅግ የምትቀርብበት ወቅት ከወር ወደ ወር እየተንሸራተተ ይሄድና ከሃያ ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዛሬ የምትቀርበው ገና ሰሞን ነው። ከአሥር ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ግን የምትቀርበው በእኛ ክረምት ወራት ነበር። ያን ጊዜ የሰሜኑ ምድር በዚያው ወራት አብዝቶ ይሞቃል፣ የሞቀ ምድር ደግሞ የባሕሩን እርጥብ ነፋስ ይስባል፤ ዝናቡ ይበረታል። ዛሬ ሸክላ የሆነው ሜዳ ያን ጊዜ የዓሣ ቤት ይሆናል። ከዚህ ሌላ የዘንጉ መጋደል መጠን በአርባ ሺህ ዓመት ገደማ፣ ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ክብነት ደግሞ በመቶ ሺህ ዓመት ገደማ ይለዋወጣሉ። እነዚህ ሲገጣጠሙ በሩቅ ሰሜን የሙቀቱ ወራት ይቀዘቅዛል። የብርዱ ወራት በረዶ ሳይቀልጥ ይከርማል፣ በላዩ ሌላ ይጨመራል፣ አገር የሚያህል የበረዶ ተራራ ይሆናል። የበረዶ ዘመን የሚሉት ይህ ነው።

ኃላፊያችን በተማረበት አገር ከዋልታ በኩል የመጣ የበረዶ ኮር አይቷል። «የዓመቱ በረዶ በዓመቱ በረዶ ላይ ተነባብሮ እንደ መጽሐፍ ገጽ ነው፤ በውስጡም የዚያን ዘመን አየር በአረፋ ታስሮ ይገኛል» ይለን ነበር። የቁፋሮ አለቃው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ለምን እዚያ አልተመደብንም? እዚህ በላብ ከምንሞት» አለ። ኃላፊው ግን የሰሜኑ በረዶ ስለ እኛ ዝናብ ሁሉን አይነግርም፣ የእኛን ዝናብ የሚያውቀው የእኛ ጭቃ ነው አለ። በሰሜን በረዶው በበዛ ጊዜ በእኛ ሐይቆቹ ደርቀው ነበር የሚለውን ለማረጋገጥ ከሐይቁ ጭቃ ሥር ያለውን ወለል ማግኘት ያስፈልግ ነበር።

በረዶ ሲባል እኔ አገሬን አሰብኩ። በስሜን ከፍታ፣ ከአዝርዕት መስመር በላይ፣ ድንጋይና አፈር ተደበላልቆ እንደ ግንብ የተከመረበት ቦታ አለ። ማን እንደከመረው ማንም አያውቅም ነበር። ያን ክምር በበረዶ ዘመን የበረዶ ምላስ እየገፋ እንዳመጣው ኃላፊው ነገረኝ። በልጅነቴ ተቀምጬበት ጎመን ዘር የበላሁበት ክምር ነው። የደረቀው የጨው ባሕር ወለልና የአገሬ በረዶ በአንድ ዘመን የኖሩ መሆናቸውን ሳስብ ርቀቱ ቀለለኝ።

ሃይማኖቴን የሚነካ ነገር አለ ወይ ብዬም ተጨንቄያለሁ። እኛ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የምንቆጥረው ዓመት ከዚያ ጭቃ ያነሰ ነው። ለአባቴ ጻፍኩለት። መልሱ አጭር ነበር፦ ዐውደ ዕለት ሰባት ቀን ነው፣ ዐውደ ፀሐይ ሃያ ስምንት ዓመት ነው፣ ዐውደ ቀመር አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት ነው፤ ትንሹ ዐውድ በትልቁ ውስጥ ይዞራል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ዐውድ ባለቤቱ ያውቃል፤ አንቺ ያየሽውን በእውነት ቁጠሪ። ከዚያ ወዲህ አልተጨነቅኩም ማለት አልችልም፤ ግን ጭንቀቴ እንቅልፍ አልነሣኝም።

የመጨረሻው ቱቦ በወጣበት ቀን እኔ ወባ ይዞኝ ድንኳን ውስጥ ተኝቼ ነበር። በዚያው ሰዓት ከምሥራቅ ጥቁር ደመና ተነሣ። ጨው ባሕር ዝናብ ከነካው መኪና አያሳልፍም፤ አፍኖ ያስቀራል። ሁሉም ይሯሯጣል። ቱቦው ወጥቶ መሬት ተጋደመ፤ ኃላፊው ከመኪናው አጠገብ ሆኖ «ላይ ብለህ ጻፍበት! ላይ!» ብሎ ጮኸ። የአሪው ሰው ጻፈ። ጫንን፣ ወጣን። ዝናቡ ከኋላችን ሜዳውን ሸፈነው።

ጂንካ ተመልሰን፣ ትኩሳቴ ሲለቀኝ፣ ቱቦዎቹን በተራ በመጋዝ ሰነጠቅን፣ ጭቃውን በቀጭን ሽቦ ለሁለት ከፈልን። ከላይ ቡናማና ጨዋማ ነው፤ የዛሬው ድርቀት። ዝቅ ሲል ጥቁር ግራጫ፣ ለስላሳ ሸክላ፣ በውስጡ ቀንድ አውጣ ቅርፊትና የዓሣ አጥንት አለው፤ ሐይቁ። ሐይቁ ቱቦ በቱቦ ቀጠለ። ከመጨረሻው በፊት ያለው ቱቦ በጥቁሩ ጭቃ አለቀ። ቀጥሎ የመጨረሻውን ከፈትን። «ላይ» የሚለው ጫፍ የደረቀ ቡናማ ሸክላ ነው። «ላይ» ያልተባለው ጫፍ ደግሞ ጥቁሩ ጭቃ ነው። ከላይኛው ቱቦ ጋር አልተጋጠመም።

ኃላፊው ድምፁ ቀነሰ። «ወይ ጉድጓዱ ተደርምሶብናል፣ ወይ ቱቦው ተገልብጧል። ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አለ የአሪው ሰው።

«ገልብጠህ ጻፍከው?»

«ኧረ በፍጹም! ላይ አልከኝ፣ ላይኛው ላይ ጻፍኩ።»

«ላይኛው የቱ ነበር?»

«ላይኛው ነዋ!» አለና በመስኮቱ በኩል ወደ አሪ ተራሮች ጠቆመ። «አንዱ ጫፍ ወደዚህ፣ ወደ ላይ ነበር። አንዱ ወደ ታች፣ ወደ ባሕሩ። ላይ የነበረው ላይ ጻፍኩ። ሌላ ምን ላይ አለ?»

ኃላፊው ወደ እኔ አየ፤ እኔም ወደ ጎመን ሻጯ ሴት በልቤ ሄድኩ። ሳቄ መጣና ዋጥኩት፤ ጊዜው የሳቅ አልነበረም። ምክንያቱም ያ ጽሑፍ ምንም እንደማይነግረን ገብቶናል። ቱቦው ሲጋደም ወደ ተራራ የዞረው ጫፍ ከጉድጓዱ ሲወጣ የላይኛው ይሁን የታችኛው ማንም አላስተዋለም። ሜዳው ደግሞ አሁን ውሃ ተኝቶበታል፤ ተመልሶ መቆፈር የለም። ከአዲስ አበባ የመጣው ትእዛዝ ግልጽ ነበር፦ በዚህ በጋ እስከ ወለሉ የደረሰ ኮር ካልተገኘ የጂንካው ጣቢያ ይዘጋል። ወለሉ ያለው በዚህ ቱቦ ውስጥ ብቻ ነው።

ኃላፊው ተነሥቶ ተቀመጠ። «ገልብጡት» አለ በመጨረሻ። «ሲገለበጥ ጥቁሩ ከጥቁሩ ይጋጠማል፣ ሥሩ ደረቅ ይሆናል። ከፀሐይ ስሌቱም ጋር ይስማማል። በቃ።»

እኔ ሰው ፊት መቃወም አይሆንልኝም። ግን «ጌታዬ» አልኩት፣ «ከስሌቱ ጋር ስለተስማማ ብለን ከገለበጥነው፣ ነገ ስሌቱ እውነት መሆኑን በምን እናሳያለን? በዚሁ ጭቃ? ራሱን በራሱ ምስክር ማድረግ ይሆንብናል።»

«እንግዲያው ይጣል» አለ ኃላፊው። ያን ያህል ቀጭን ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። «ያልታወቀ ቱቦ በኮር ውስጥ አይገባም። ልክ ነሽ፤ ይጣል።»

የአሪው ሰው ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዟዙረዋል። ስድስት ወይም ሰባት ቤተሰብ የሚያድረው በዚያ ጣቢያ ሥራ ነበር፣ የእሱም ጭምር። እኔ ደግሞ በርጩማ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ነበሩ የታዩኝ፤ «መሬቱ ሞቷል?» ያሉኝ።

«እስኪ መጀመሪያ ልሳለው» አልኩ። መጣል ካለበትም ሳይታይ አይጣል ብዬ ነው።

ጭቃውን በመስኮቱ ብርሃን አጋድሜ ፊቱን በቢላዋ አለሰለስኩት። ጥቁሩና ቡናማው የሚገናኙበትን መስመር ልስል ስል፣ ከጥቁሩ ጭቃ የወጡ ቀጫጭን ነገሮች ወደ ቡናማው ውስጥ ገብተው አየሁ። ሥር መሰሉኝ። ረጋ ብዬ ጠረግኩ። ሥር አልነበሩም። መገናኛው ጋ ሰፊ፣ ወደ ቡናማው ሲገቡ እየጠበቡ እንደ ቢላዋ ስለት የሚያልቁ፣ በጥቁር ጭቃና በአሸዋ የተሞሉ ናቸው። እጄ ሳላዝዘው አንገቴ ላይ ያለችውን መቁጠሪያ ያዘ።

«አፉ ትልቅ፣ ጉሮሮው ቀጭን» አልኩ።

«ምን?» አለ ኃላፊው።

«ስንጥቅ ነው። የደረቀ መሬት ስንጥቅ። መሬት የሚሰነጠቀው ከገጹ ወደ ውስጥ ነው፤ አፉ ሁልጊዜ ወደ ሰማይ ነው። እዚህ አፉ ያለው በጥቁሩ በኩል ነው፤ የሞላውም ጥቁሩ ጭቃ ነው። ስለዚህ ሰማይ በጥቁሩ በኩል ነበር።»

ኃላፊው ማጉያ መስታወቱን ይዞ ጎንበስ አለ። አንዱን ስንጥቅ አየ፣ ሌላውን አየ፣ ሦስተኛውን አየ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ አንድም ተቃራኒ አልነበረም። ቱቦው ተገልብጦ ነበር የተጻፈበት። ይህን ያሉት ስንጥቆቹ ናቸው እንጂ ፍላጎታችን ወይም ስሌቱ አልነበረም። ደረቅ፣ የተሰነጠቀ ወለል ነበረ፤ ከዚያ ውሃ መጣና ስንጥቁን ሞላ፤ ሐይቅ ሆነ።

«አንተ ሰውዬ» አለ ኃላፊው ወደ አሪው ሰው ዞሮ፣ አሁን ድምፁ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ «ሐይቁን ገልብጠህብን ነበር እኮ!»

«እኔ ምን ላድርግ? አገሩን እንዲህ አድርጎ የፈጠረው እሱ ነው» አለና ባርኔጣውን አጠለቀ። «ሃሌሉያ በሉ እንጂ፣ እህቴም።»

«ስብሐት ለእግዚአብሔር» አልኩት። ተስማማን።

ከወራት በኋላ ወደ ውጭ የተላኩት የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ዕድሜ መጣ። ከሥረኛው ቱቦ፣ ከስንጥቆቹ በላይ ያለው ጥቁር ጭቃ በሰሜን ታላቁ በረዶ መቅለጥ ከጀመረ በኋላ የተኛ ሆኖ ተገኘ። ጣቢያው አልተዘጋም።

መሬቱ ሲደርቅ ወደ አርቦሬ ወረድን። ሽማግሌውን በርጩማቸው ላይ አገኘኋቸው። ከታጠበው ትርፍ ጭቃ የተረፈ አንድ ቀንድ አውጣ በእጃቸው አኖርኩላቸው።

«ይሄ ከዚህ መሬት ነው የወጣ፣ አባባ። ከዚህ ሐይቅ በፊት መሬቱ ደርቆ ነበር፤ እንደ ዛሬው ተሰነጣጥቆ። ከዚያ ውሃው መጣ። ሄደ። መሬቱ አልሞተም።»

«ይመለሳል?»

እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብኝ። «ታላቁ ሐይቅ በእኔና በእርስዎ ዕድሜ አይመለስም። ብዙ ሺህ ዓመት የሚፈጅ ዙር ነው። የከርሞውን ዝናብም ይህ ጭቃ አይነግረኝም። ግን ይህ ቦታ ውሃን ያውቃል፤ መንገዱን አልረሳም።»

ቀንድ አውጣውን አገላብጠው አዩት፣ በአፋቸው እፍ አሉት፣ ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

«የቀበሌው ሰው ሞቷል አለ» አሉ። «አንተ አልሞተም አልክ። የሱ ቃል በወረቀት ነው፣ ያንተ በአጥንት ነው።» ቀንድ አውጣውን በአንገታቸው ጨሌ መካከል ሊያስሩት ክር ሲፈልጉ ቆዩና ቀና አሉ። «እኔ አልሄድም። ጥጃ ገዝቻለሁ።»

ጥጃዋን አሳዩኝ። ቀይ ነበረች፣ እግሯ ገና ይንቀጠቀጣል። የጾሙ ወራት አልፎ ስለነበር ወተት ሲያቀርቡልኝ ጠጣሁ። ሽማግሌው የአሪውን ሰው በክርናቸው ነካ አድርገው «ታረቀ» አሉት፤ ከላሟ ጋር ማለታቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ በጂንካ ቱቦ ላይ «ላይ» ብለን ጽፈን አናውቅም። የአሪው ሰው ነው ሐሳቡን ያመጣው፤ በአንዱ ጫፍ «ሰማይ»፣ በሌላው «ሥር» እንጽፍ ጀመር። የመጀመሪያው ጭነት አዲስ አበባ ሲደርስ የመጋዘን ኃላፊው በሬዲዮ ጠርቶን «ሰማይ የሚል ቱቦ ልካችሁልናል፤ ምንድን ነው?» አለ። የአሪው ሰው የሬዲዮውን ማነጋገሪያ ከእጄ ቀማኝ።

«ጌታዬ፣ ሰማይ የምታየው ነው» አለው። «እዚያም አለ አይደል?»